«እንደ ልብዎ ይስገዱ»

«ልጄ፣ ከዓመቱ የሚበልጠውን የምጾም ሰው ነኝ። ቅቤ የማውቀው ለበዓል ነው። ይኸ ስብ ያላችሁት ነገር ደሜ ውስጥ ከየት ገባ?»

የኔታ ይህን የጠየቁኝ ደብረ ማርቆስ ወዳለችው ትንሽ ክሊኒካችን መጀመሪያ የመጡ ዕለት ነው። ከዲማ ወዲያ ባለች የገጠር ደብር የሚያገለግሉ ካህንና የአቋቋም መምህር ናቸው። አቋቋም ቆመው የሚማሩት ትምህርት ነው፤ ዜማው ከእርምጃው፣ ከወገቡ ዘንበል ማለትና ከመቋሚያው ጋር አብሮ ይሄዳል። እግር የሌለው የአቋቋም መምህር አንደበት እንደሌለው ሰባኪ ነው። ይህን ያን ጊዜም አውቀው ነበር፤ ማወቅና ማሰብ ግን ለየቅል ናቸው።

ዕድሜያቸው ስድሳ አራት ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ልባቸውን ታመው፣ በደጀን በኩል አባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ተወስደው፣ የተዘጋው የልባቸው ደም ሥር በቀጭን የሽቦ ቱቦ ተከፍቶላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ያለው ክትትል የእኔ ሆነ። ይዘውት የመጡት ወረቀት ላይ አስፕሪን፣ ሌላ የደም ማቅጠኛና አቶርቫስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል ኪኒን ተጽፏል።

«የኔታ፣ ከቅቤው ብቻ አይደለም» አልኋቸው። «ኮሌስትሮልን ጉበትዎ ራሱ ይሠራዋል። እርስዎ ቢጾሙ እሱ አይጾምም።»

ሳቁ። ኩታቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ነው የሚስቁት። አብራቸው የመጣችው ልጃቸውም ሳቀች፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ናት፤ ቀጠሯቸውን የምትይዘው እሷ ናት። እኔም በመልሴ ደስ አለኝ። አፌ ፈጣን ነው። ሰው ፊት ያስመሰግነኛል፤ ጥፋቴም ከዚያው ከአፌ ነው የሚወጣው።

የዚያ ዓመት ሁዳዴ ገብቶ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የኔታ ያለ ቀጠሯቸው መጡ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር።

«ሁለቱንም ጭኔን ያመኛል፤ ትከሻዬንም። ቁጢጥ ካልሁበት ለመነሣት ሰው እሻለሁ።»

«ይሰግዳሉ?»

«ሁዳዴ አይደል እንዴ፣ ልጄ?»

በቃኝ። ሌላ አልጠየቅሁም። ጎጃም ውስጥ የሚሠራ ሐኪም ሁሉ በሁዳዴ ጉልበቱንና ወገቡን የሚያመው ሰው ሲመጣለት ምን እንደሚል ያውቃል። የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር በሰጋጅ ይሞላል፤ ማስታገሻ እንጽፋለን፣ ዕረፍት እናዛለን፣ «የሚቀጥለው ይግባ» እንላለን። አቶርቫስታቲን ጡንቻ ሊያሳምም እንደሚችል ተማሪ ሆኜም አውቅ ነበር። ግን ስግደቱ ፊት ለፊቴ ቆሞ ሳለ ሌላ ተጠያቂ ፍለጋ ማን ይሄዳል?

«ከስግደቱ ነው። ይተዉት። ኪኒኑን ግን አንድም ቀን እንዳያቋርጡ።»

ቄስን በሁዳዴ «አትስገድ» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። «እንግዲህ ሐኪም ያለውን መስማት ነው» ብለው ወጡ። እውነትም ሰሙኝ። የስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሲወድቅና ሲነሣ እሳቸው ከግንቡ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደዋሉ የነገረችኝ ልጃቸው ናት።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ብቻዋን መጥታ በሩን አንኳኳች። ቁጣዋን እንደ ጨዋ ሰው ዋጥ አድርጋ ነበር የምትናገረው።

«ዶክተር፣ አባባ ስግደት ከተዉ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው። ሕመሙ ግን ባሰባቸው። የአገሩ ሰው ‹ስግደት የሰለቸው ቄስ› እያለ ያማቸዋል። እሳቸው እርስዎ ይቀየሙኛል ብለው ነው እንጂ መምጣት ይፈልጉ ነበር። አሁንም ከስግደቱ ነው?»

በማግስቱ አስመጣኋቸውና ደማቸውን ወስጄ አዲስ አበባ ላክሁ። ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚያፈሰው አንድ ኢንዛይም አለ፤ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። አቶርቫስታቲኑን አስቆምሁ። በወሩ ያለ ሰው እርዳታ ተነሥተው፣ ቆመው ሰላም አሉኝ። ጥቂት ቆይቼ ከዚያው ከስታቲን ወገን የሆነ ሌላ ኪኒን በትንሹ መጠን ሞከርሁ፤ ሳምንታት ሳይቆይ ጭናቸው ወደ ሕመሙ ተመለሰ። እሱንም ተውነው።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ሰው ነህ» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው እየታዩኝ በሆነ ነገር ልክሳቸው ቸኮልሁ። ሁለተኛው ጥፋቴ ከዚህ ችኮላ መጣ ብል ማመካኘት አይሆንብኝም።

ችግሩ ደግሞ እውነተኛ ነበር። ልቡ ውስጥ ቱቦ ያለበት ሰው ኮሌስትሮሉ እንዲሁ ሊተው አይችልም፤ ደም ሥሩ ዳግም ቢዘጋ አዲስ አበባ የሚደርሱበት ጊዜ ላይኖር ይችላል። ኮሌስትሮል ከአንጀት እንዳይገባ የሚከለክል ኢዜቲማይብ የሚባል ኪኒን አንዳንዴ ከአዲስ አበባ ይገኛል፤ ሲጠፋም ይጠፋል፤ ሲገኝም ብቻውን አልበቃቸውም። የሚወጉ አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ፤ ዋጋቸው ለእኛ አገር ቄስ የሚነገር አይደለም።

አብሮኝ የተማረ አንድ ጓደኛዬ ያን ጊዜ ህንድ አገር የልብ ሕክምና ሥልጠና ላይ ነበር። ስልክ ደውዬ አወራሁት። «ቤምፔዶይክ አሲድን አታውቀውም? እኛ ዘንድ ስታቲን ላልተስማማው ሰው እየተሰጠ ነው» አለኝ። አላውቀውም ነበር። ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ፤ እንደ አዲስ ተመራቂ ልቤ ዘለለ። ጓደኛዬ ለዕረፍት ሲመጣ የወራት ኪኒን ይዞልኝ መጣ።

የኔታና ልጃቸው የመጡ ዕለት የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ገልብጬ ጉበት ሣልሁ። ሥዕሌ ጉበትም ድንችም ይመስላል።

«ጉበትዎ ኮሌስትሮልን የሚሠራው ደረጃ በደረጃ ነው» አልኋቸው። «ከምግብ የምትገኝ ሲትሬት የምትባል ነገር አለች። አንድ ኢንዛይም እሷን ይቆርጣታል፤ ኮሌስትሮሉ መሠራት የሚጀምረው ከዚያች ቁራጭ ነው። የፊተኛው ኪኒን ወረድ ብሎ ያለውን ደረጃ ነበር የሚዘጋው። ይኸኛው ከላይ፣ ሲትሬቷን የሚቆርጠውን ኢንዛይም ያግዳል።»

ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው አዩት።

«መስኖውን ከፍ ብሎ መዝጋት ነዋ።»

«አዎን።»

«ታዲያ ከላይም ተዘጋ ከታች፣ ውኃው ያው አንድ ውኃ ነው። ያኛው ጡንቻዬን ከጎዳው ይኸኛው ምን ብሎ ይምረኛል?»

ይህን ጥያቄ ከሕክምና ተማሪ ብሰማው ማርክ እሰጠው ነበር። መልሱን ስለማውቀው ደግሞ ፊቴ በራ።

«ይኸኛው ሲዋጥ ተኝቶ ነው የሚገባው፣ የኔታ። እንደተኛ ምንም አያግድም። የሚቀሰቅሰው ሌላ ኢንዛይም አለ፤ እሱ ቀስቃሽ ጉበት ውስጥ ይገኛል፣ ጡንቻ ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ ጉበትዎ ሲደርስ ይነቃና ሥራውን ይሠራል። ጡንቻዎ ዘንድ ቢደርስም እንደተኛ ያልፋል።»

«ከደብሩ ውጭ የማይቀድስ ካህን ነው በለኛ።»

«እንደሱ ነው። ጉበት የሚሠራው ሲያንስበት ደግሞ የሚፈልገውን ኮሌስትሮል ከደም ለመሰብሰብ በላዩ ላይ ተቀባዮቹን ያበዛል። ደምዎ የሚጠራው በዚያ ነው።»

ጥንቃቄም አላጎደልሁም ብዬ ነበር። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድን ከፍ አድርጎ ሪህ ሊያመጣ ስለሚችል ዩሪክ አሲዳቸውንም ኩላሊታቸውንም መርምሬያለሁ። ሪህ ይዟቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ አያውቅም። በመድኃኒቱ ማስጠንቀቂያ ወረቀት ላይ ከሪህ ቀጥሎ ስለ ጅማት መበጠስ የሚናገር አንቀጽ አለ። አንብቤዋለሁ። ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር አይደለም ብዬ አልፌዋለሁ። ሐሳቤ ሁሉ ጡንቻ ላይ ነበር።

የኔታ ኪኒኑን በመሐረብ ቋጥረው ሊነሡ ሲሉ ተመልሰው ተቀመጡ። ድምፃቸው ዝግ አለ።

«ስግደቱስ?»

ይህን ሲጠብቁ ነበር የቆዩት። እኔም ይህን ልመልስላቸው ስጠብቅ የቆየሁ ነኝ።

«እንደ ልብዎ ይስገዱ፣ የኔታ። ይኸ ኪኒን ጡንቻ አይነካም።»

በእጃቸው ባረኩኝ። ልጃቸው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ያለቀሰች ይመስለኛል። እኔ ያን ቀን ምሳዬን ሳልበላ ሆዴ ሞልቶ ነበር የዋልሁት።

ሦስት ወር ቆይተን ስንለካው መጥፎው ኮሌስትሮል በሩብ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ጭናቸውም ትከሻቸውም ደህና። ደብራቸው ሄጄ ሲያስተምሩ አየኋቸው። ደቀ መዛሙርቱን በሁለት ረድፍ አቁመው መካከላቸው ሲራመዱ እግራቸው መሬቱን የሚያውቀው ይመስል ነበር፤ ሲሄዱ በተረከዝ፣ ሲመለሱ በጣት። አንዱ ተማሪ እርምጃ ሲስት ሳያዩት በመቋሚያቸው ጫፍ እግሩን ነካ ያደርጉታል። «አየህ፣ የአንተ ካህን እየቀደሰልኝ ነው» አሉኝ። ለጓደኛዬ ህንድ ደውዬ ጉራዬን ነዛሁ።

ቀጣዩ ሁዳዴ ገባ። ጾሙ ሊጋመስ ሲል ሽንታቸውን ሲሸኑ እያቃጠላቸው መጡ። ምርመራው ኢንፌክሽን አሳየ። ለሽንት ሲፕሮ መጻፍ እጄ የለመደው ነገር ነው፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ብዬ ጻፍሁ። ስሙን ጽፌ ሳልጨርስ ዓይኔ የሚቀጥለው ካርድ ላይ ነበር።

በሳምንቱ ሊያመሰግኑኝ ጎራ አሉ፤ ማቃጠሉ ተሽሏቸዋል። እግረ መንገዳቸውን እንዲህ አሉኝ፦

«ጠዋት ስነሣ ከተረከዜ በላይ ያለውን ጅማት ትንሽ ይይዘኛል። ስሄድበት ይፈታል።»

ቆሜ ነበር የሰማኋቸው፤ በሩ ላይ ሰው ይጠብቀኛል። ትከሻቸውን ነካ አድርጌ ሳቅሁ።

«የኔታ፣ ጡንቻ አይነካም ብዬዎት የለም? አይፍሩ። ሁዳዴ ነው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ለራሴ እንደደገምሁት አላውቅም። እሳቸው «ጅማት» አሉኝ፤ እኔ «ጡንቻ» ብዬ መለስሁ። የነገሩኝን ትቼ የምወደውን ሰማሁ። በፊተኛው ዓመት ጥፋቱ የኪኒኑ ሆኖ ሳለ በስግደቱ ላይ ፈረድሁ። በሁለተኛው ጅማታቸው እያስጠነቀቀ ሳለ ኪኒኑን ነጻ አወጣሁና ወደ ስግደቱ ሰደድኋቸው።

የስቅለት ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ስልኬ ጠራ። ልጃቸው ናት። እንደኔ ጾሟን ውላ ድምጿ ደርቋል።

«አባባ ሲሰግዱ ወደቁ። ከኋላዬ በዱላ መቱኝ ብለው ዞር ቢሉ ማንም የለም። እግራቸው አልቆምላቸው አለ።»

በሚኒባስ ሲያመጧቸው ክሊኒኩን ራሴ ከፍቼ ጠበቅኋቸው። የመጀመሪያው ፍርሃቴ ልባቸው ነበር፤ ልባቸው ደህና ነው። በሆዳቸው አስተኛኋቸውና የቀኝ ባታቸውን ጨመቅሁ። ባት ሲጨመቅ እግር ወደ ታች መወርወር አለበት። አልተወረወረም። ከተረከዛቸው በላይ በጣቴ ስዳብስ ጅማቱ የነበረበት ቦታ ላይ ጎድጓዳ አገኘሁ። ያን ጊዜ ያለፍኋት አንቀጽ ቃል በቃል መጣችብኝ። ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ ሰው ይላል። እንደ ሲፕሮ ያለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይላል። ጅማቱን ቀድሞ ያመመው ሰው ይላል። ሦስቱንም አንድ ላይ ሰብስቤ በዚያ ላይ «እንደ ልብዎ ይስገዱ» ያልሁ እኔ ነኝ።

ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ሽማግሌ በስቅለት ሲሰግድ ጅማቱ ተበጠሰ ቢባል አገሩ ሁሉ ያምናል። ያቺ የፈረደባት የስግደት ምክንያት እንደገና ፊቴ ቆማ «እኔ ላይ ጣለው» ትለኛለች። ይህን ማሰቤን ራሱ አፍርበታለሁ።

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ፤ ልጃቸው እየሰማች ነገርኋቸው። ኪኒኑ ጡንቻ አይነካም ያልሁት እውነት እንደሆነ፤ ጅማትን ግን አልፎ አልፎ ሊያላላ እንደሚችል አንብቤ እንዳልነገርኋቸው፤ ለሽንቱ የሰጠኋቸው መድኃኒት ደግሞ ከሱ የባሰ ጅማት እንደሚጎዳ፤ ሌላ ልጽፍላቸው ስችል እንዳልጻፍሁ፤ ያዘኝ ያሉኝ ዕለት ሁሉንም ማስቆም እንደነበረብኝ። ከዕድሜው፣ ከሲፕሮው፣ ከኪኒኑና ከስግደቱ የትኛው እንደበጠሰው ማንም ሊያውቅ አይችልም። አስቀድሞ መጠንቀቅ ግን የእኔ ሥራ ነበር።

ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደሆነ ሰሙኝ።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፤ «እኔ ሁለቱንም ጊዜ አምኜሃለሁ። ተው ስትለኝ ተውሁ፤ ስገድ ስትለኝ ሰገድሁ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የልባቸው ደም ማቅጠኛ እንዳይቋረጥ ስለተፈራ ቀዶ ሕክምናው ቀርቶ እግራቸው በጀሶ ታሰረ። ቤምፔዶይክ አሲዱን አስቆምሁ፤ ጅማት ከተበጠሰ አይቀጠልም። ጥፋቱ የመድኃኒቱ ነው ብዬ አላውቅም። ለብዙ ሰው መፍትሔ ነው፤ ጉበት ውስጥ ይሠራል ብዬ የነገርኋቸውን ሁሉ ሠርቷል። ለየኔታም ይዘልቅ ነበር፤ እኔ ባልቸኩል። አሁን ያላቸው ኢዜቲማይብ ነው፤ ሲገኝ። ኮሌስትሮላቸው ወደ ነበረበት እየተመለሰ ነው። በየወሩ ግፊታቸውን ስለካ እሳቸው ስለ ዝናቡ ያወሩኛል፤ እኔ ልባቸውን እሰማለሁ።

ጅማቱ ገጠመ፤ ግን ረዝሞ ገጠመ። በቀኝ ጣታቸው መቆም አይችሉም። ሲመለሱ በጣት የሚሉት እርምጃ ጠፋ። አንድ ክረምት ቁጭ ብለው ለማስተማር ሞከሩ፤ ቃሉን ሰጡ፣ ዜማውን ሰጡ፣ እርምጃውን ግን የሚያሳይ እግር አልነበረም። ከደቀ መዛሙርቱ የሚበዙት አንድ በአንድ እየተባረኩ ወደ መርጡለ ማርያም በኩል ሌላ መምህር ፍለጋ ሄዱ። የሄዱትን አንድም ቀን ሲወቅሱ አልሰማሁም።

ዘንድሮ ስቅለትን በእሳቸው ደብር ዋልሁ። አመሻሹ ላይ ስግደቱ ሲያበቃ ሕዝቡ ወደ ካህናቱ ይቀርባል፤ እያንዳንዱ ጥፋቱን ይናገራል፣ ካህኑ ጀርባውን በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ እያደረገ የሚሰግደውን ቁጥር ይሰጠዋል። የኔታ በዚያው በግንቡ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወይራቸውን ይዘዋል። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ከሌሎቹ ካህናት ፊት ሰው ሳይኖር እኔ የሳቸውን ሰልፍ ይዤ ቆምሁ።

ተራዬ ሲደርስ ጎንበስ አልሁ። «ጥፋቴን ያውቁታል፣ የኔታ» አልሁ።

«ንገረኝ እንጂ። ሥርዓቱ መናገር ነው።»

«የነገሩኝን አልሰማሁም።»

ወይራው ጀርባዬ ላይ ቀለል ብሎ አረፈ። ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«ያን ዓመት እየቆጠርሁ ነበር» አሉ። «ስወድቅ መቶ ሃምሳ ቀርቶኝ ነበር። አንተ ጨርስልኝ።»

ኮቴን አውልቄ ከድንጋዩ አጠገብ ጀመርሁ። እየሰገድሁ ቁጥር ሲጠፋብኝ እሳቸው ከላዬ ያስታውሱኝ ነበር። ስጨርስ ጨልሟል፤ ቀኝ እግራቸውን ዘርግተው እስከ መጨረሻው ጠብቀውኛል።

በማግስቱ ሁለቱም ባቶቼ አልነሣ አሉኝ። ይኸ እንኳ ከስግደቱ ነው።